ቡናን የከሰሰው ጥናት ምን ሳተ?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1981 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተባለው ስመ ጥር የሕክምና መጽሔት ቡና ጠጪውን ዓለም ያስደነገጠ ጥናት አወጣ። ጥናቱን የመሩት በሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት የኢፒዴሚዮሎጂ ፕሮፌሰር የነበሩት ብራያን ማክማሆን ናቸው። በቀን 3 ስኒና ከዚያ በላይ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጨርሶ ከማይጠጡት ይልቅ በቆሽት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 2.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ ይላል ጽሑፉ። አጥኚዎቹ ግንኙነቱ እውነት ከሆነ በአሜሪካ ከሚከሰተው የቆሽት ካንሰር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከቡና ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። የቆሽት ካንሰር ሲደረስበት ብዙውን ጊዜ ስር ከሰደደ በኋላ ስለሆነ የሚተርፍበት ሰው ጥቂት ነው። ዜናው በጋዜጦችና በቴሌቪዥን ወዲያው ተዛመተ።

ዛሬ ያ ጥናት የሚነሳው ቡናን ለመክሰስ ሳይሆን ተማሪዎችን ለማስተማር ነው። በሕዝብ ጤና ፈተናዎች ላይ በአጭር አንቀጽ ተጨምቆ ይቀርብና ተማሪው ስህተቱን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ጥያቄው በተለመደው መልኩ ይህን ይመስላል፦

«ተመራማሪዎች ቡና መጠጣት ከቆሽት ካንሰር ጋር ግንኙነት እንዳለው ለማወቅ በ11 ሆስፒታሎች የተኙ 369 የቆሽት ካንሰር ሕሙማንን መረጡ። ለማነጻጸሪያም በዚያው ጊዜ በእነዚያው ሐኪሞች ይታከሙ የነበሩ፣ ሌላ በሽታ ያለባቸው 644 ሰዎችን ወሰዱ። ሁሉንም ከመታመማቸው በፊት በቀን ስንት ስኒ ቡና ይጠጡ እንደነበር ጠየቋቸው። ቡና ጠጪዎች በቆሽት ካንሰር ሕሙማኑ ዘንድ በርክተው ተገኙ። ይህን ውጤት ያዛባው ምን ሊሆን ይችላል?»

ለምርጫ የሚቀርቡት መልሶች ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ በእንግሊዝኛ በሚሰጠው ትምህርት ሴሌክሽን ባያስ፣ ሪኮል ባያስና ኮንፋውንዲንግ ይባላሉ። በአማርኛ የአመራረጥ መዛባት፣ የማስታወስ መዛባትና የሦስተኛ ምክንያት ጣልቃ ገብነት ብንላቸው ያስኬዳል። ሦስቱም በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ ይመስላሉ። ተማሪውን የሚያደናግረውም ይኸው ነው፤ ስማቸውን ማወቅ ብቻውን የትኛው ውጤቱን እንዳዛባ አይነግርም። ለዚያ አንቀጹን መልሶ ማንበብና ቁጥሮቹን ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የጥናቱን አካሄድ እንመልከት። ኬዝ ኮንትሮል በሚባለው የጥናት ዓይነት አጥኚው የሚነሳው ከውጤቱ ነው። የታመሙትን ይሰበስባል፣ ያን በሽታ ያልያዛቸውን ለማነጻጸሪያ ይወስዳል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ የሁለቱን የቀድሞ ልማድ ይጠይቃል። እንደ ቆሽት ካንሰር ያለ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም በሽታ ሲሆን ይህ አካሄድ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል፤ ጤነኛ ሰዎችን መዝግቦ እስኪታመሙ ለዓመታት መጠበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ግዴታ አለበት። ማነጻጸሪያው ቡድን ሕሙማኑ የወጡበትን ሕዝብ ልማድ የሚያሳይ መሆን አለበት። ያ ሕዝብ ከመቶ ስድስት ሰው ብቻ ቡና የማይጠጣበት ከሆነ፣ በማነጻጸሪያው ቡድንም ከመቶ ስድስት ያህሉ የማይጠጡ ሆነው መገኘት ይገባቸዋል።

የማክማሆን ጥናት የሰጠው ቁጥር እንዲህ ነበር። የቡና ልማዳቸው በሠንጠረዡ ከተመዘገበው 367 የካንሰር ሕሙማን መካከል ቡና የማይጠጡት 20 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 5 ገደማ ነው። በማነጻጸሪያው ቡድን ከነበሩት 643 ሰዎች ውስጥ ደግሞ 88ቱ አይጠጡም ነበር፤ ከመቶ 14 ገደማ ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በሕሙማኑ ዘንድ 347 ጠጪዎች ለ20 የማይጠጡ፣ በማነጻጸሪያው 555 ጠጪዎች ለ88 የማይጠጡ። የመጀመሪያው ንጽጽር 17 ከምናምን፣ ሁለተኛው 6 ከምናምን ይሆናል። አንዱን ለሌላው ስናካፍል 2.75 ይመጣል። ቡናን ያስከሰሰው ልዩነት በጥሬው ይህን ያህል ነው።

ይህ ቁጥር በሁለት መንገድ ሊተረጎም ይችላል። አንደኛው፣ በካንሰር ሕሙማኑ ዘንድ ቡና ጠጪ በዝቷል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በማነጻጸሪያው ቡድን ቡና የማይጠጣ ሰው ከልክ በላይ በዝቷል የሚለው ነው። ጋዜጦቹ የመጀመሪያውን ይዘው ሮጡ። የኢፒዴሚዮሎጂ ባለሙያ ግን ሁለተኛውንም ሳይመረምር አያልፍም፤ ስለዚህ እነዚያ 643 ሰዎች እነማን እንደነበሩ ይጠይቃል።

መልሱ ከጥያቄው አንቀጽ ውስጥ በአንዲት ሐረግ ተቀምጧል፦ «በእነዚያው ሐኪሞች ይታከሙ የነበሩ»። የቆሽት ካንሰር ሕሙማንን አስተኝተው ከሚያክሙ ሐኪሞች መካከል ብዙዎቹ የጨጓራና የአንጀት ስፔሻሊስቶች ናቸው። የእነሱ ሌሎች ታካሚዎችም በአብዛኛው የሆድ ሕመምተኞች ይሆናሉ። ሆዱን የሚያመው ሰው ደግሞ ቡና ሲጠጣ ያቃጥለዋል፤ ወይ በራሱ ይተወዋል፣ ወይም ሐኪሙ ይከለክለዋል። እንግዲህ ከሰፊው ሕዝብ ይልቅ ቡና የማይጠጣ ሰው የሚበዛበት ቦታ ተፈልጎ ማነጻጸሪያው ከዚያ የተቀዳ ያህል ሆነ።

አጥኚዎቹ ይህን ያደረጉት በግዴለሽነት አይደለም። ሁለቱም ቡድኖች ከአንድ ሐኪም እጅ ቢመጡ በኑሮ ደረጃና በሚያገኙት ሕክምና ይቀራረባሉ የሚል በቂ ምክንያት ነበራቸው። በዚያ ላይ የሲጋራንና የአልኮልን ሚና ለይቶ ለማየት ሲሉ ከእነዚህ ጋር በሚያያዙ በሽታዎች የተያዙ ሰዎችን ከማነጻጸሪያው ቡድን አስወጥተው ነበር። ይህኛውም ጥንቃቄ የራሱን መዘዝ አመጣ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ባብዛኛው ቡናም ያዘወትራል። በማጨስ የሚመጡ በሽታዎች ያሉባቸው ሲወጡ ብዙ ቡና የሚጠጡት አብረው ወጡ፤ ከካንሰር ሕሙማኑ ወገን ግን በዚህ ምክንያት የተቀነሰ ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት የየል ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አልቫን ፋይንስታይንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ጥናቱን አጥብቀው ሲተቹ የማነጻጸሪያው ቡድን አመራረጥ ዋነኛ መከራከሪያቸው ነበር።

የችግሩ መጠን በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ማነጻጸሪያው ቡድን ልክ እንደ ካንሰር ሕሙማኑ ከመቶ 5.4 የማይጠጣ ቢኖረው ኖሮ፣ ከ643 ሰዎች 35 ያህሉ ብቻ የማይጠጡ ይሆኑ ነበር። የተገኙት 88 ናቸው። የዓለም ዜና የሆነው ልዩነት በሙሉ የተንጠለጠለው በ53 ሰዎች ላይ ነው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በሆድ ሕመም ምክንያት ቡና የተዉ ከሆኑ፣ ስለ ካንሰር ምንም ሳይነገር ቁጥሩ ወደ 2.75 ይወጣል።

ሌላም ፍንጭ አለ፤ እሱን ለማየት የወንዶቹን ረድፍ ለብቻ ማንበብ ይበቃል። ቡና ካንሰር የሚያመጣ ከሆነ ብዙ የሚጠጣው ጥቂት ከሚጠጣው የበለጠ መጠቃት አለበት። በቀን 1 ወይም 2 ስኒ ከሚጠጡት ወንዶች 94 ሕሙማንና 119 የማነጻጸሪያ ሰዎች ነበሩ። 3 ወይም 4 ስኒ ከሚጠጡት 53 እና 74። 5 ስኒና ከዚያ በላይ ከሚጠጡት 60 እና 82። ሦስቱን እናካፍላቸው፤ 0.79፣ 0.72 እና 0.73 ይመጣሉ። አንድ ስኒ የሚጠጣውና አምስት ስኒ የሚጠጣው ወንድ ልዩነት የላቸውም ማለት ነው። ለብቻው ወጣ ብሎ የሚታየው ጨርሶ የማይጠጡት ረድፍ ነው፤ 9 ሕሙማን ለ32 የማነጻጸሪያ ሰዎች፣ ይህም 0.28። የስኒው ቁጥር ሲጨምር አደጋው የማይጨምር፣ ነገር ግን «የማይጠጣ» የተባለው ቡድን ብቻ ከሌላው የሚለይ ሲሆን፣ ስህተቱ ያለው እዚያ ቡድን ውስጥ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው። በሴቶቹ ረድፍ አደጋው ከሁለት ስኒ በላይ ሲሆን ከፍ ይላልና ፍንጩ የወንዶቹን ያህል ግልጽ አይደለም።

ታዲያ የማስታወስ መዛባትስ? ብዙ ተማሪዎች «ወደ ኋላ ተመልሶ ጠየቀ» የሚል ሐረግ ሲያዩ ወዲያው ሪኮል ባያስ ብለው ያከብባሉ። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ሰው የቀድሞ ልማዱን መርሳቱ ብቻውን ይህን ስም አያሰጠውም። ሁለቱም ቡድኖች እኩል ከረሱ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ይደበዝዛል እንጂ ከባዶ አይፈጠርም። መዛባቱ የሚመጣው አንዱ ወገን ከሌላው በተለየ ሁኔታ ሲያስታውስ ነው፤ የታመመው ሰው «ይህ ለምን ደረሰብኝ?» እያለ ያለፈውን ሲመረምር፣ ጤነኛው ግን ለማስታወስ የሚገፋፋው ነገር ሳይኖር ሲቀር።

ይህ ጎልቶ የታየው በእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣና በኋላ በ2010 የተሰረዘ የአንድሩ ዌክፊልድና ባልደረቦቹ ጽሑፍ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሕክምና መዝገብ ይዘው ወላጆች የሰጡትን ቃል መረመሩ። ወሬው ከመናፈሱ በፊት ልጆቻቸው የተመረመሩላቸውና ከተናፈሰ በኋላ የተመረመሩላቸው ወላጆች ቃል ተለያየ። የኋለኞቹ የልጃቸው ችግር የጀመረው ከክትባቱ ጥቂት ቆይቶ እንደሆነ በብዛት ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ይህ ሥራ እንደሚያሳየው ወላጆቹ አልዋሹም። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ክትባት ስለነበር፣ ያለፈውን ሲያስታውሱ ክትባቱን መነሻ አድርገው አሰቡ።

ይህን ይዘን ወደ ቡናው ጥናት ስንመለስ ነገሩ ይቀየራል። ቃለ መጠይቁ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1979 ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ቡና የቆሽት ካንሰር ያመጣል የሚል ወሬ አልነበረም። ግንኙነቱ ለአጥኚዎቹ ራሳቸው ያልጠበቁት ነገር ነበር። በተጨማሪም ሁለቱም ወገኖች ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን ናቸው፤ ሁለቱም ያለፈ ኑሯቸውን ለማሰብ ጊዜውም ምክንያቱም አላቸው። ስለዚህ የማስታወስ መዛባት ሊኖር ቢችልም ይህን ያህል ልዩነት የሚፈጥርበት ምክንያት ደካማ ነው። ማነጻጸሪያዎቹ በስልክ የተጠየቁ ጤነኞች ቢሆኑ ወይም ጥናቱ የተደረገው ከ1981ዱ ዜና በኋላ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ይበረታ ነበር። ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ለማነጻጸሪያ መውሰድ የማስታወስ መዛባትን እንደሚቀንስ፣ በአንጻሩ የአመራረጥ መዛባትን ሊያስገባ እንደሚችል ከዚህ ጥናት በግልጽ ይታያል። አጥኚ ከሁለቱ የትኛውን አደጋ እንደሚመርጥ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ሲጋራ ነው። አንድ ነገር በመሐል ገብቶ ለማሳሳት ሁለት ዋና መስፈርቶችን ማሟላት አለበት፤ በሽታውን ራሱ የሚያስከትል ወይም ከመከሰቱ ጋር የተያያዘ መሆን፣ እንዲሁም ከሚጠናው ልማድ ጋር አብሮ መገኘት። በሁለቱ መሐል እንደ መሸጋገሪያ የሚያገለግል ከሆነ ግን አይቆጠርም፤ ለምሳሌ ቡና መጠጣት ሰውን አጫሽ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ሲጋራ ራሱ ቡና ጉዳት የሚያደርስበት መንገድ በሆነ ነበር። ሲጋራ ሁለቱን መስፈርቶች ያሟላል። የቆሽት ካንሰርን አደጋ በግምት እጥፍ ያደርጋል፤ አጫሾችም ቡና ያዘወትራሉ።

እንዴት እንደሚያሳስት በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። 1000 አጫሾችና 1000 የማያጨሱ ሰዎች አሉ እንበል። ከአጫሾቹ 800፣ ከማያጨሱት 400 ቡና ይጠጣሉ። ቡና ምንም ጉዳት የለውም፤ ከአጫሾች መቶው 2፣ ከማያጨሱት መቶው 1 ይታመማል። ቡና ጠጪዎቹ በጠቅላላ 1200 ናቸው፤ ከእነሱ አጫሽ ከሆኑት 16፣ ከማያጨሱት 4፣ በድምሩ 20 ይታመማሉ። የማይጠጡት 800 ናቸው፤ ከእነሱ 4 እና 6፣ በድምሩ 10 ይታመማሉ። ከመቶ ሲሰላ 1.67 ለ1.25 ይሆናል። ምንም ያላደረገው ቡና አደጋውን አንድ ሦስተኛ ያህል ያሳደገ መሰለ። አጫሾቹን ለብቻ፣ የማያጨሱትን ለብቻ አድርገን ብንቆጥር ግን በሁለቱም ወገን ጠጪውና የማይጠጣው እኩል ይታመማሉ፤ ልዩነቱ ይጠፋል።

የማክማሆን ቡድን ያደረገውም ይህንኑ ነው። ሲጋራን ስለጠየቁ ሕዝቡን በማጨስ ልማዱ ከፋፍለው አዩ። በሕይወታቸው አጭሰው በማያውቁት ሰዎች ዘንድም ቡና ጠጪዎቹ ከፍ ያለ አደጋ አሳዩ፤ 3 ስኒና ከዚያ በላይ ለሚጠጡት ልዩነቱ ወደ 3 እጥፍ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ሲጋራ ዋናው መልስ ሊሆን አይችልም። ከላይ ያለው ምሳሌም ያንኑ ይደግፋል፤ የቡናና የሲጋራ ቁርኝት በዚያ መጠን ጠንካራ ሆኖ እንኳ ሐሰተኛው ልዩነት 1.3 ገደማ ላይ ቆመ እንጂ 2.7 አልደረሰም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለፈተናም ለሥራም ይጠቅማል። ሦስተኛ ምክንያት ቀድሞ ታስቦበት ከተለካ በስሌት ሊለይ ይችላል። የአመራረጥ መዛባት ግን ብዙ ጊዜ በስሌት አይጠገንም፤ የተሳሳቱ ሰዎች ወደ ጥናቱ ከገቡ በኋላ ያልገቡት ምን ይጠጡ እንደነበር ከመረጃው ውስጥ አይገኝም። የማክማሆን ጥናት በሚገባ የመረመረው ሲጋራን ነበር፤ ስህተቱ የመጣው ከአመራረጡ ነው።

እንግዲህ ለዚያ የፈተና ጥያቄ ሙሉ መልስ መስጠት የሚፈልግ ሰው ስሙን ብቻ ጽፎ አይተውም። መዛባቱ በየትኛው ቡድን እንደገባ፣ በምን መንገድ እንደገባና ውጤቱን ወዴት እንደገፋው ይናገራል። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ዋናው ችግር የአመራረጥ መዛባት ነው። ማነጻጸሪያው ቡድን የተወሰደው የሆድ ሕሙማንን ከሚያክሙ ሐኪሞች ታካሚዎች ስለሆነ፣ በሕመማቸው ምክንያት ቡና የተዉ ሰዎች በዝተውበታል። ይህም በማነጻጸሪያው ዘንድ የቡና ጠጪዎችን ቁጥር ዝቅ አድርጎ፣ ቡና ከካንሰሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ከእውነቱ በላይ አጉልቷል።» አቅጣጫው ሲነገር መልሱ ሊፈተሽ ይችላል። ማነጻጸሪያዎቹ አጥንታቸው የተሰበሩ ሰዎች ወይም ከሰፈሩ ነዋሪ በዕጣ የተወሰዱ ቢሆኑ፣ ይህ ማብራሪያ ትክክል ከሆነ ልዩነቱ መቀነስ አለበት።

በእርግጥም ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1986 ማክማሆን ያሉበት የሃርቫርድ ቡድን በዚያው መጽሔት ላይ አዲስ መረጃ ይዞ ቀረበና፣ ግንኙነት ቢኖር እንኳ ቀድሞ የታየውን ያህል ጠንካራ እንዳልሆነ ራሱ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናቶች የተካሄዱት ጤነኛ ሰዎችን አስቀድሞ መዝግቦ ለዓመታት በመከታተል ነው። በዚህ አካሄድ ሰውየው ስለ ቡናው የሚጠየቀው ከመታመሙ በፊት ስለሆነ ሕመሙ ትዝታውን አያዛባም። ማነጻጸሪያውም ከተከታታዮቹ መካከል ያልታመሙት ስለሆኑ ከሌላ ዋርድ አይፈለግም። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንዲህ ያሉትን ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ፣ የቆሽት ካንሰርን በተመለከተ ማስረጃው ቡና በሽታውን አያመጣም ወደሚለው እንደሚያመዝን ገለጸ። በእነዚህ ረጅም ጥናቶችም ቢሆን የሲጋራው ጉዳይ እንዳለ ነው፤ አጫሽ ቡና ጠጪዎች ዛሬም አሉና፣ እንዲህ ያለ ጥናት ያነበበ ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው ማጨስ በስንት ደረጃ ተከፋፍሎ እንደተለካና የማያጨሱት ለብቻቸው ተቆጥረው እንደሆነ ነው።